«ፎን ሚር አውስ» ያለችኝ አለቃዬ ተቆጥታ ይሆን?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ሽቱትጋርት አካባቢ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ አውስቢልዱንግ በሚሉት የነርስነት የሙያ ሥልጠና ላይ ነኝ፤ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ጃንዋሪ 7 የጠዋት ፈረቃ ወጥቶብኛል። ገናችን ስለሆነ እንደ እኔ ተማሪ ከሆነች ባልደረባዬ ጋር መቀያየር እንደምፈልግ ለክፍሉ ኃላፊ በዋትስአፕ ጻፍኩላት። የመለሰችው ይህችን ብቻ ነው፦ ‹ሃሎ ፍራው ቲ.፣ ፎን ሚር አውስ። ክሌረን ዚ ዳስ ቢተ ሚት ዴር ኮሌጊን ኡንት ጌበን ዚ ሚር ቢስ ፍራይታክ በሻይት። ግሩስ›። የስልኬ መተርጎሚያ የመጀመሪያውን ‹ከእኔ ውጪ› ብሎ ተረጎመልኝ። ‹እኔን በዚህ ጉዳይ እንዳታስገቢኝ› ያለችኝ መሰለኝ። ሌላ ጊዜ መጨረሻ ላይ ‹ፊለ ግሩሰ› ነው የምትለው። ረጅም የይቅርታ መልእክት ጽፌ አስቀምጫለሁ። ልላከው? ወይስ በዓሉን ብተወው ይሻላል? — ቲ.»

ይቅርታውን አትላኪው፤ በዓሉንም አትተዪው። ኃላፊሽ ፈቅዳልሻለች። ደስ ብሏት ነው ወይ ካልሽኝ፣ እሱ ከመልእክቱ አይታወቅም። ደግነቱ መልስ ለመስጠት እሱን ማወቅ አያስፈልግሽም።

ጀርመንኛውን በፊደላችን የምጽፈው እዚያ ያልኖሩ አንባቢዎችም ድምፁን እንዲሰሙት ነው። አንቺ ከስልክሽ ላይ እያየሽ ተከተዪኝ።

መጀመሪያ ያስደነገጠሽን ሐረግ እንይ። መተርጎሚያው ቃል በቃል ስለሄደ ነው የተሳሳተው፤ «ፎን» ከ፣ «ሚር» እኔ፣ «አውስ» ውጪ ብሎ ደመራቸው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ጀርመኖች የሚሉት «በእኔ በኩል ይሁን» ነው። «ማይነትቬገን» የሚል መንትያ አለው፤ እሱንም አንድ ቀን ትሰሚዋለሽ። በአማርኛ የሚቀርበው «ይሁና» የምንለው ነው። እናትሽ «ልሂድ?» ስትያት «ይሁና» ብትል፣ ደስ ብሏት ነው ወይስ እያጉረመረመች የሚለውን የምታውቂው በድምፅዋ ነው። በጽሑፍ ድምፁ ይጠፋና ቃሉ መሃል ላይ ይቀራል። «ፎን ሚር አውስ»ም እንዲሁ ነው፤ «ግድ የለኝም፣ አድርጊው» ከሚለው እስከ «እሺ፣ ምን ይደረጋል» እስከሚለው ድረስ ይዘልቃል። እምቢታ ግን ውስጡ የለም።

እንዲያውም አጠገቡ አንዲት ቃል ብትጨምር ጥርጣሬሽ ሁሉ ይነሣ ነበር፤ «ፎን ሚር አውስ ጌርን» ብትል «በእኔ በኩል በደስታ» ማለት ነው። አላለችም። ስለዚህ ሞቅ ያለውን ትርጉም እንተወውና በሁለት እንቅር፤ ወይ ግድ አልሰጣትም፣ ወይ በመጠኑ ከብዷታል። እንዲህ ያለ ሐረግ ሲገጥምሽ ወደፊትም ቃል በቃል አታፍርሺው፤ ሐረጉን እንዳለ በመዝገበ ቃላት ፈልጊው። ዱደን በሚባለው የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ላይ የሰዎች አነጋገር የሆኑ ሐረጎች እንደ አንድ ቃል ተፈትተው ታገኛለሽ።

አሁን ደግሞ አንቺ ሳታይው ያለፍሽው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አለ። ዋናው መልእክት እሱ ነው። ሁለት ነገር አዝዛሻለች፤ ከባልደረባሽ ጋር ራስሽ ተነጋግረሽ ጨርሺ፣ እስከ ዓርብ ደግሞ አሳውቂኝ። የሚከለክል ሰው ሥራና ቀነ ገደብ አይሰጥም። «እኔን አታስገቢኝ» የሚል ሰው ደግሞ «አሳውቂኝ» አይልም። ስሜቷን ስትፈልጊ የተጠየቅሽውን ረሳሽው፤ ዓርብ ዝም ብለሽ ብታሳልፊ ግን ያን ጊዜ በእውነት ትቆጣለች።

«ግሩስ» ያልሽውን ችላ አልለውም። ልዩነቱን ማየትሽ ጥሩ ዓይን ነው። በጀርመን የሥራ መልእክት መሰነባበቻው ደረጃ አለው። «ሊበ ግሩሰ»፣ በአጭሩ ኤል ጌ፣ የሚቀራረቡ ሰዎች ነው። «ፊለ ግሩሰ» የሥራ ባልደረቦች የተለመደ ሰላምታ ነው። «ሚት ፍሮይንትሊኸን ግሩሰን» የደብዳቤ ወግ ነው፤ ለቢሮ ሲጻፍ እንጂ ቁጣ አያመለክትም። ብቻውን የቆመ «ግሩስ» ከሁሉም ደረቅ ያለው ነው። ታዲያ ድርቀቱ ከጥድፊያ ነው ወይስ ከኩርፊያ? ይህን ከአንድ መልእክት ማወቅ አይቻልም። የራስዋን የቆዩ መልእክቶች ወደ ላይ እየሳብሽ እይ። ሥራ መሃል ሆና የላከቻቸውን ከቢሮ ወይም ከቤት ከላከቻቸው ለይ። በሥራ ሰዓት የጻፈቻቸው ሁሉ አጭርና «ግሩስ» የሚሉ ከሆኑ፣ አንዲት የክፍል ኃላፊ በአንድ እጇ ስልክ ይዛ በኮሪደር ስትራመድ የምትጽፈው እንዲህ ነው። የክፍሉ የጋራ ግሩፕ ካለም ለሌሎቹ እንዴት እንደምትጽፍ እይ። መለኪያሽ እሷ ራሷ ናት፤ የኛ ሰው አጻጻፍ አይደለም።

የኛን ነገር ካነሣን፦ ሰላምታ ሳናበዛ ጉዳይ አንጀምርም፤ ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ እንዴት ነው ሳይባል ወደ ነገር የገባ ሰው ያኮረፈ ይመስለናል። እዚያ አጭር መጻፍ የሰውን ጊዜ ማክበር ነው፤ ብዙ ሰው እንዲያውም ሰላምታ የበዛበት መልእክት ሲደርሰው «ምን ሊጠይቀኝ ነው?» ብሎ ይጠነቀቃል። ይህን ታውቂዋለሽ፤ ሁለተኛ ዓመትሽ ነው። ሆድ ግን ከጭንቅላት ዘግይቶ ነው የሚማረው።

የእውነት ቁጣ ሲመጣ ምን ይመስላል? ያየሁትን ልንገርሽ። ጀርመኖች በጽሑፍ ሲቆጡ ማሳጠራቸውን ትተው ይረዝማሉ፤ ወገኛም ይሆናሉ። «ኢሽ ሃበ ኢነን በራይትስ ገዛክት» (ቀደም ብዬ ነግሬሽ ነበር) ብሎ የሚጀምር፣ «ቪ በራይትስ ሜርፋህ ኤርቬንት» (ደጋግሜ እንዳልኩት) የሚል፣ «ዳስ ጌት ዞ ኒሽት» (እንዲህ አይሆንም) ብሎ የሚዘጋ መልእክት ሲደርስሽ ያን ጊዜ ተጨነቂ። «በራይትስ» የምትለዋን ቃል በተለይ ልብ በዪ፤ «ከዚህ በፊት» እያለች ትቆጥርብሻለች። ሌላው ምልክት የአጠራር ለውጥ ነው። እስከ ዛሬ «ዱ» ትልሽ ከነበረ፣ ማለትም አንቺ፣ በድንገት «ዚ» ብላ እርስዎ ካለችሽ ያ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ጀርመንኛውን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ የምትተረጉሚ ከሆነ «ዱ» እና «ዚ» አንድ ይሆኑብሻል፤ በአማርኛ ግን አንቺና እርስዎ ስላሉን ልዩነቱ ሊተርፍ ይችላል። የአንቺ ኃላፊ ሁልጊዜም «ዚ» ካለችሽ ምንም አልተለወጠም። ስምሽንም ጠርታለች፣ «ሃሎ»ም ብላለች። «ሃሎ» የሌለበት፣ «ፍራው ቲ.፣» ብቻ የሚል ነው የሚቀዘቅዘው።

እምቢታም የራሱ ቃል አለው፤ «ላይደር»። «ዳስ ጌት ላይደር ኒሽት» ማለት «ያሳዝናል፣ አይሆንም» ነው። በአንቺ መልእክት ውስጥ «ላይደር» የለም። «ሻውን ቪር ማል» (እስቲ እናያለን) ቢሆን ኖሮ እኔም እጠራጠር ነበር፤ እሱ ብዙ ጊዜ የለሰለሰ እምቢታ ነው።

ከብዷት ከሆነስ ምን ይሆን የከበዳት? ለአንቺ አንድ ፈረቃ ነው፤ ለእሷ ግን የተዘጋ ዲንስትፕላን፣ ማለትም የፈረቃ ሠሌዳ፣ መክፈት ነው። አንድ ቅያሪ ሕጉን እንዳያፈርስ ማየት አለባት። በጀርመን የሥራ ሰዓት ሕግ አንቀጽ 5 መሠረት በሁለት ፈረቃ መካከል ቢያንስ 11 ሰዓት ዕረፍት ያስፈልጋል። እንደ እናንተ ባለ የእንክብካቤ ቤት እስከ 10 ሰዓት ዝቅ ሊል ይችላል፤ ያም በሌላ ቀን ረዘም ባለ ዕረፍት ከተካካሰ ነው። ባልደረባሽ ጃንዋሪ 6 የማታ ፈረቃ ይዛ በእነሱ አቆጣጠር 21 ሰዓት ላይ ብትወጣና በማግስቱ 6 ሰዓት ላይ ያንቺን የጠዋት ፈረቃ ብትገባ፣ መካከሉ 9 ሰዓት ብቻ ነው። አይቻልም። በላዩ ላይ እናንተ ጋ፣ ባደን ቩርተምበርግ፣ ጃንዋሪ 6 የሕዝብ በዓል ነው፤ በዚያ ሰሞን ሰው መተካት ቀላል አይደለም። «ራስሽ ተነጋግረሽ ጨርሺ» ያለችሽ ይህን ሁሉ እሷ እንዳትቆጥር ነው። ስለዚህ ከማንም በፊት አንቺ ቁጠሪው፤ የባልደረባሽን ጃንዋሪ 6 እና 8፣ ያንቺንም ምትኩን ከምትሠሪበት ቀን በፊትና በኋላ ያለውን።

ምትኩ ምን ይሁን ካልሽ፣ እጅሽ ላይ ውድ ነገር አለ፤ የዲሴምበር 24 ማታ። ለእነሱ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ምሽት ነው፣ ለአንቺ ግን ገና ጾም ነው። ባልደረባሽ የዚያን ማታ ፈረቃ ይዛ ከሆነ፣ እሱን ልወስድልሽ ብትያት ጃንዋሪ 7ን በደስታ ትወስድልሻለች። ያንቺ ዲሴምበር 25 የጠዋት ፈረቃ አለመሆኑን ብቻ አረጋግጪ፤ ያው የ9 ሰዓቱ ችግር ያንቺም ይሆናል።

አሁን መልሱ። ዛሬውኑ ይህን ላኪ፦

«ሃሎ ፍራው ኬ.፣ ፊለን ዳንክ። ኢሽ ሽፕሬሸ ሚት ዴር ኮሌጊን ኡንት ጌበ ኢነን ቢስ ፍራይታክ በሻይት። ፊለ ግሩሰ» ከዚያ ስምሽ። ማለትም «አመሰግናለሁ፤ ከባልደረባዬ ጋር ተነጋግሬ እስከ ዓርብ አሳውቅዎታለሁ»።

ይህን የመረጥኩበት ምክንያት በሁለቱም ትርጉም ስለሚሠራ ነው። ግድ ያልሰጣት ከሆነች፣ ልክ የጠየቀችውን አገኘች። ከብዷት ከሆነ ደግሞ፣ ልጅቷ ሥራዬን አላበዛችብኝም ብላ ታርፋለች። የራስዋን ቃላት፣ «በሻይት» እና «ቢስ ፍራይታክ»ን፣ መልሰሽ ስለተጠቀምሽም መረዳትሽን ታያለች። መሰነባበቻሽ «ፊለ ግሩሰ» ይሁን። እሷ «ግሩስ» ስላለች አንቺም ብታደርቂው መልስ የሰጠሻት ይመስላል፤ «ሊበ ግሩሰ» ብትይ ደግሞ ልታባብያት የሞከርሽ ይመስላል።

ያስቀመጥሽውን ይቅርታ በዚሁ መንገድ ፈትኚው። ግድ ያልሰጣት ሴት ብታነብበው ምን ትላለች? «ምን አደረገችኝ?» ብላ ግራ ይገባታል፤ ምናልባትም ጥያቄሽን ያነሣሽ መስሏት «እንግዲያው ሥሪ» ትልሻለች። ረጅም ይቅርታ እዚያ አንድ ጥፋት መኖሩን ያስታውቃል፤ ቀን መቀየር ደግሞ ጥፋት አይደለም። በተቃራኒው በሳቅ ምስሎች የታጀበ «ዙፐር!!» ብትልኪ፣ ከብዷት ከነበረ ያናድዳታል። አውራ ጣት ብቻ መላክም አይበቃም፤ ማን ምን እንደሚያደርግ አይናገርም።

ሁለተኛው መልእክት ቅያሪው ሲያልቅ ነው። «እስከ ዓርብ» ሲሉ ዓርብንም ይጨምራል፤ ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብዙ ኃላፊ ቢሮ የለም፣ ስለዚህ ሐሙስ ላኪው። እንዲህ በዪ፦

«ሃሎ ፍራው ኬ.፣ ዲ ኮሌጊን ኡንት ኢሽ ሃበን ኡንስ ገአይኒክት። ዚ ኡበርኒምት ማይነን ፍሩህዲንስት አም 7. ያኑዋር፣ ኢሽ ኡበርኔመ ኢረን ሽፔትዲንስት አም 24. ዴጼምበር። ዲ ሩሄጻይተን ፓሰን። ኬነን ዚ ዳስ ቢተ ኢም ዲንስትፕላን አይንትራገን? ፊለን ዳንክ ኡንት ፊለ ግሩሰ»።

ይህም «ተስማምተናል፤ እሷ የጃንዋሪ 7 ጠዋቴን ትወስዳለች፣ እኔ የዲሴምበር 24 ማታዋን እወስዳለሁ፤ የዕረፍት ሰዓቶቹ ይገጥማሉ፤ እባክዎ ዲንስትፕላኑ ላይ ያስገቡልኝ» ነው። «ኮሌጊን» ባልኩበት የባልደረባሽን ስም ጻፊ። የመጨረሻው ጥያቄ እንዳይቀርብሽ፤ ዲንስትፕላኑ ላይ እስካልተጻፈ ድረስ ቅያሪ የለም። በቃል ተስማምታችሁ ባልደረባሽ ጃንዋሪ 7 ብትታመም፣ ሥራ የቀረሽው አንቺ ትሆኛለሽ።

ባልደረባሽ እምቢ ካለችም ሐሙስ ዝም አትበዪ። «ላይደር ሃት ኤስ ኒሽት ገክላፕት። ጊብት ኤስ አይነ አንደረ ሜግሊሽካይት?» በዪ። «አልተሳካም፤ ሌላ መንገድ ይኖር ይሆን?» ማለት ነው። ጥያቄውን ወደ እሷ የምትመልሺው የበኩልሽን ከሞከርሽ በኋላ ስለሆነ ሌላ ሰው ልትጠቁምሽ ትችላለች።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ልብሽ ካላረፈ ተቆጥታ እንደሆነ በዋትስአፕ አትጠይቂያት። «ዚንት ዚ ዛወር አውፍ ሚሽ?» (ተቀየሙኝ?) የሚለው ጥያቄ ባይከፋትም እንኳ ስለ ስሜቷ እንድትጽፍ ያስገድዳታል፤ መልሱም ሌላ አጭር መልእክት ሆኖ ሌላ ሌሊት ያሳድርሻል። ፈረቃ ስትረካከቡ አጠገቧ ስትቆሚ በአፍሽ ጠይቂ፤ ስለ ጉዳዩ እንጂ ስለ ስሜቷ አይሁን፦ «ቫር ዳስ ሚት ዴም ታውሽ ጹ ኩርጽፍሪስቲሽ?» ቅያሪውን ለመጠየቅ ዘግይቼ ነበር ወይ? ፊት ለፊት ሲጠየቁ እውነቱን ይነግሩሻል። «ኧረ አይደለም» ካለች አበቃ። «አዎ፣ ቀደም ብትዪ ይሻል ነበር» ካለች ደግሞ ሰማሽ፣ እሱም አበቃ፤ እዚያ አንድ ጊዜ የተነገረ ቅሬታ ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀራል።

የሚቀጥለውን በዓል ዲንስትፕላኑ ከመውጣቱ በፊት አስመዝግቢ። ብዙ ቤት የምኞት ቀን የሚጻፍበት ደብተር ወይም ሠንጠረዥ አለ፤ «ቩንሽፍራይ» ይሉታል። ያንቺ ቤት ዝርዝሩን መቼ እንደሚዘጋ ጠይቂ። የእነሱ ፋሲካ በ2027 ማርች 28 ነው፣ የኛ ሜይ 2፤ ስለማይገጥም ማንም አያስታውስልሽም። ሜይ 2 እሑድ ስለሚውል የሳምንት መጨረሻ ፈረቃሽ መሆን አለመሆኑን አሁኑኑ ቁጠሪ።